የጠፋ አጥንት ምን ይመሰክራል?

ከድሬዳዋ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በኖራ ድንጋይ ገደል ላይ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ቴያር ደ ሻርዳንና አንሪ ደ ሞንፍሬይድ እ.ኤ.አ. በ1929 አገኙት፤ በ1933 ተቆፈረ፤ በ1970ዎቹ ዴዝሞንድ ክላርክና ባልደረቦቹ ደግመው ቆፈሩት። የድንጋይ መሣሪያው በሺዎች የሚቆጠር ነው። ከሰው አካል ግን በይበልጥ የሚታወቀው የአንድ መንጋጋ ስባሪ ብቻ ነው። መሣሪያውን የጠረቡት ሰዎች ወዴት ሄዱ?

ብዙዎች የሚሰጡት መልስ “ጊዜ በላቸው” የሚል ነው። ይህን መልስ አልቀበልም። ጊዜ ጥርስ የለውም፤ የሚበላ ሌላ ነገር መኖር አለበት። እንግዲህ በላተኛውን ልፈልግ።

በድሬዳዋው ደጫቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አንዲት ፍየል ሞተች እንበል። ሥጋዋ ለጅብ፣ ለጥንብ አንሳና ለትል ምግብ ነው። ጅብ አጥንቱንም ይሰብራል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው አሲድ አብዛኛውን ያሟሟዋል። የተረፈውን ፀሐይ ትረከባለች። አጥንት የተሠራው ከካልሲየም ፎስፌት ማዕድንና ማዕድኑን አያይዞ ከሚይዝ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ ሲጠፋ አጥንቱ በርዝመቱ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ይላላጣል፣ በመጨረሻም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ተመራማሪዋ አና ቤረንስማየር በኬንያ አምቦሴሊ ሜዳ የተጣሉ አጥንቶችን ተከታትላ በ1978 እንደጻፈችው፣ አብዛኞቹ ሜዳ ላይ ከቀሩ ከ10 እስከ 15 ዓመት ገደማ ውስጥ ይፈራርሳሉ። ስለዚህ መጥፋት ምክንያት የሚፈለግለት አደጋ አይደለም፤ ምክንያት የሚፈለግለት መቅረቱ ነው። አካል ሁሉ ለሌላው ሲሳይ ነውና።

“መቃብርስ? የተቀበረ ሁሉ ይቀር ነበር” የሚል ይኖራል። መቀበር ያስፈልጋል፤ ግን አይበቃም። አሲድነት ባለው አፈር ውስጥ ውሃው ማዕድኑን እያሟሟ ይወስደዋል። አፈሩ ካልሲየም የበዛበት ከሆነ ግን ውሃው ከአጥንቱ የሚወስደው ትንሽ ነው፤ እንዲያውም በአጥንቱ ቀዳዳዎች ውስጥ አዲስ ማዕድን ያስቀምጣል፤ አጥንቱም ቀስ በቀስ ይከብዳል፣ ይደድራል። ሌላም አለ። ጎርፍ ፍየሏን ዛሬ በደለል ቢሸፍናት፣ የሚቀጥለው ጎርፍ ያንኑ ደለል ጠርጎ ሊወስደው ይችላል። የሚያስፈልገው ደለል የሚደራረብበት እንጂ የሚታጠብበት ቦታ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ይህ ነው። የድሬዳዋን ኮረብታዎች የሠራው የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በነበረ ባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ነው፤ በውስጡ የባሕር ዛጎል ይገኛል። ታዲያ ቅሪተ አካል ብርቅ ነው ማለት እንዴት ይቻላል? መልሴ፦ ዛጎል ብዙ ነው፣ የቀረው የፍጥረት ዓይነት ግን ጥቂት ነው። ባለ ዛጎሉ ከመሞቱ በፊት የማዕድን ልብስ ለብሷል፤ የሚኖረውም ደለል በሚወርድበት ወለል ላይ ነው። ከጎኑ የዋኘው፣ አጥንትም ቅርፊትም የሌለው ለስላሳ ፍጥረት ከእሱ ሊበዛ ይችል ነበር፤ ከእርሱ ግን የቀረ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ድንጋዩ የባሕሩ ሙሉ መዝገብ አይደለም። እኩል ዕድል ካላገኙት መካከል የዳኑት ብቻ የተጻፉበት ነው።

አሁን ወደ ዋሻው ልመለስ። ጣሪያው ፀሐይንና ዝናብን ይከለክላል። በኖራ ድንጋዩ ውስጥ የሚሰርገው ውሃ ካልሲየም ካርቦኔት ይዞ ይወርዳል፤ አፈሩን ከስባሪው ድንጋይና ከአጥንቱ ጋር አጣብቆ ያጠነክረዋል። ጅብና ጃርት ግን ወደ ዋሻ ይገባሉ፤ ጃርት አጥንት ይጎረድማል፣ የጥርሱም ጭረት አጥንቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ዋሻውም ቢሆን ያለ በላተኛ አይደለም።

ታዲያ ያልተገኘ ነገር ምንም አይመሰክርም ማለት ነው? እንዲህ ለማለት ቸኩዬ ነበር፤ አሁን ግን መለየት አለብኝ ብዬ አስባለሁ። የእንጨት እጀታና የቆዳ ልብስ አለመገኘታቸው ስለ ሰዎቹ ምንም አይነግረኝም፤ ቢኖሩም ሊቀሩ አይችሉም ነበርና። አጥንት ግን ሌላ ነው። በዚያው አፈር ውስጥ የሚዳቋ መጠን ያላቸው እንስሳት አጥንት ተርፏል፤ የትንንሽ አውሬዎችም እንዲሁ። ትንሽ አጥንት ያዳነ አፈር የሰውን የጭን አጥንት ለይቶ አያጠፋም። እንግዲያው ከአንድ መንጋጋ በቀር የሰው አጥንት እምብዛም አለመገኘቱ ክብደት አለው፤ እነዚያ ሰዎች ሙታናቸውን በዚህ ዋሻ ትተው የመሄድ ልማድ አልነበራቸውም ወደሚለው ያዘነብላል።

ከዚህ አልፌ አልሄድም። ያዘነብላል እንጂ አያስረግጥም፤ ያልተቆፈረ ጥግ ካለ ክርክሩ በዚያው ልክ ይላላል። ሙታኑን ወዴት ወሰዷቸው ለሚለው ደግሞ ዋሻው መልስ የለውም፤ ሜዳው ላይ ከተጋደሙ፣ ደጫቱ ዳር ከሞተችው ፍየል የተለየ ዕጣ አልነበራቸውም።