ያልተባለ ይቅርታ በባልና በሚስት መካከል

በባልና በሚስት መካከል ጠብ መነሣቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ቤትን የሚያፈርሰው ግን በደለኛው «በድያለሁ» ሳይል ጠቡ ተሸፍኖ መቅረቱ ነው። የተሸፈነ ጠብ አይሞትምና፤ የሚመጣውን ጠብ ተደብቆ ይጠብቃል፥ በመጣም ጊዜ ከእርሱ ጋር አብሮ ይነሣል።

ይህን በንጉሥ ዳዊትና በሚስቱ በሜልኮል ታሪክ እንመልከት። ሜልኮል አስቀድሞ ዳዊትን ትወደው ነበር፤ አባቷ ሳኦል ሊያስገድለው በላከ ጊዜም በመስኮት አውርዳ ያስመለጠችው እርሷ ናት (1ኛ ሳሙ. 19)። እርሱ በስደት ሳለ አባቷ ለሌላ ሰው ዳራት፤ ዳዊትም ሌሎች ሚስቶች አገባ። በኋላም አባቷና ወንድሟ ዮናታን በጊልቦዓ ተራራ ወደቁ። ዳዊት በኬብሮን ነግሦ ስድስት ሚስቶች ሳሉት፥ ከአበኔር ጋር ለመዋዋል ሜልኮል እንድትመለስለት ጠየቀ። ከባሏም ቤት ወስደው አመጧት፤ ያም ሰው እያለቀሰ እስከ ብራቂም ድረስ ተከተላት (2ኛ ሳሙ. 3)።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ዳዊት ሜልኮልን ይቅርታ ሲጠይቃት አናነብም። ከዚያም ታቦቱ ወደ ከተማ በገባበት ቀን ዳዊት ሲዘል አይታ በልቧ ናቀችው፥ ወደ ቤቱም ሲመለስ በፌዝ ቃል ተቀበለችው። እርሱም ሲመልስላት እግዚአብሔር በአባቷ ፈንታ እንደ መረጠው ነገራት። ስለ ጭፈራ የተጀመረው ነገር በአንድ ቃል ወደ ሞተው አባቷ ደረሰ። እርሷም ስለ ፌዟ፥ እርሱም ስለ መልሱ ይቅርታ እንደ ተጠያየቁ አልተጻፈም፤ ታሪካቸው በመካንነቷ ይዘጋል (2ኛ ሳሙ. 6)። ይኸው ዳዊት ግን ናታን በገሠጸው ጊዜ ኀጢአቱን ወዲያው ለእግዚአብሔር ተናዘዘ (2ኛ ሳሙ. 12)። እንግዲህ ሰው በእግዚአብሔር ፊት እያለቀሰ፥ በሚስቱ ፊት ግን አንገቱን ሳይሰብር ሊኖር እንዲችል እናስተውል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አንድ ባል ሚስቱ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ሳያማክራት ለወንድሙ አበደረ እንበል። በጠየቀችው ጊዜ ተቆጣ። በማግሥቱ ግን ነጠላ ገዝቶላት ገባ፥ ልጁንም «እናትሽ ቡና ታፍላ» ብሎ ላከ። ቡናው ተፈላ፤ እርሱም ታረቅን ብሎ አሰበ። ስለ ገንዘቡ ግን አንድ ቃል አልተነገረም። በዓመቱ እንደ ገና ሳያማክራት ልጃቸውን ከትምህርት ቤት አስወጣ። እርሷም ሁለቱን በደል አንድ አድርጋ ብታነሣ፥ «የቆየ ነገር አታንሺ» ብሎ ዘጋት። በሦስተኛው ዓመት ስለ ወጥ ጨው የተጀመረ ክርክር ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ደረሰ፤ ባልየውም «ለጨው ይህን ያህል?» ብሎ ተደነቀ። ከዚያ በኋላ ሚስቲቱ ዝም አለች፥ ባልየውም ዝምታዋን ሰላም ብሎ ጠራው። ከሁሉ የሚያስፈራው ምልክት ይህ ነው፤ የሚያማርር ሰው ገና ተስፋ አለው፥ የማያማርር ግን ተስፋውን ቆርጦ ይሆናል። ሚስትም እንዲሁ ባሏን በድላ ብትሸፍነው ነገሩ አንድ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? «አስቀይሜሽ እንደ ሆነ ይቅርታ» የሚል ቃል በደሉን በጥርጥር ያስቀምጠዋል፤ «አንቺም ግን» የሚልም የሰጠውን መልሶ ይወስዳል። እውነተኛ ይቅርታ ሥራውን በስሙ ይጠራል፤ «ገንዘብሽን ሳላማክርሽ ሰጠሁ፥ በጠየቅሽኝም ጊዜ ተቆጣሁ፥ ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላል፥ ከዚያም የወሰደውን ይመልሳል። ዘኬዎስ በቃል ብቻ አልቆመም፤ የበደለውን አራት እጥፍ ሊመልስ ተስሏልና (ሉቃ. 19)። ክምሩ የብዙ ዓመት ቢሆን ሁሉን በአንድ ሌሊት መናድ አይቻልም፤ አንዱን መርጦ ማንሣት፥ ሌላው ሲናገርም ሳያቋርጡ መስማት ይበቃል።

የተበደልክ ሆይ፥ የተበደልሽም ሆይ፤ በልብ ይቅር ማለት ለብቻ ይቻላል፥ መታረቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ጌታችን እንዳዘዘ አስቀድመህ ለብቻው ንገረው፤ ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምር (ማቴ. 18)። ለሽማግሌ መንገር ገመና ማውጣት አይደለም። እጅ የሚነሣበት ቤት ከሆነ ግን ዝምታን ትዕግሥት አትበሉት፤ ፈጥናችሁ ከጉዳት ራቁ፥ ለሚረዳችሁም ንገሩ።

ሐዋርያው ጳውሎስ ቍጣ ከፀሐይ መግባት እንዳያልፍ አዘዘ (ኤፌ. 4)። የዛሬ በደል የአንድ ቀን ሸክም ሳለ ይነሣል፤ ካደረ ግን የትናንቱን ይጨምራል። ስለዚህ መብራት ሳይጠፋ፥ ዛሬ የበደልከውን በስሙ ጠርተህ ተናገር።