የጥቅምት ማሽላ፦ ልግዛ ወይስ ልቆይ?

ልጄ፣ በስልክህ ያሳየኸኝን የቆቦ የማሽላ ዋጋ ግራፍ ደጋግሜ አየሁት። መስመሩ ከሰኔ ጀምሮ ሽቅብ ወጥቶ ጥቅምት ላይ ደርሷል፤ አንተም «ሳይብስ ስድስቱንም ኩንታል አሁን ልግዛ» አልክ። እስቲ መጀመሪያ ግራፉን ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ ዘርጋው። በእኛ በራያ ቆላ ማሽላ የሚታጨደው ኅዳር ገደማ ነው፤ ተወቅቶ ገበያውን የሚሞላው ታኅሣሥና ጥር ነው። ስለዚህ ጎተራ በተራቆተበት በክረምትና በመስከረም ዋጋው መውጣቱ የተለመደ ነው።

የዘንድሮን ዋጋ ከሦስት ዓመት በፊቱ ጋር በብር አታስተያይ። ብር እየረከሰ መስመሩን በየዓመቱ ያነሣዋል፤ በተለይ ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ። ይልቅ በየዓመቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ዋጋው በስንት እጅ እንደተለወጠ አስላ። ለስሌት እንዲመችህ፣ በአንዱ ዓመት ኩንታሉ ከ2,400 ብር ወደ 2,100፣ በሌላው ከ3,200 ወደ 2,800 ወረደ እንበል። ብሩ ይለያያል፤ ቅናሹ ግን በሁለቱም ከስምንት አንድ እጅ ነው። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ 5,000 ከሆነ፣ ጥር ላይ 4,375 ገደማ ትጠብቃለህ።

ይህ የሚሠራው ግን ዝናቡ ደህና በሆነበት ዓመት ነው። በ2007 ክረምት ኤልኒኖ ዝናቡን ሲያሳጣን፣ የ2008 አዝመራ ገበያውን የሚያረክስ አልነበረም። ይህን ግራፉ አስቀድሞ አይነግርህም፤ ማሳው ይነግርሃል። ማሽላው በሚያፈራበት ሰዓት ዝናቡ ከተቋረጠና ዛላው ፍሬ ካልያዘ፣ የጥርን ቅናሽ አትጠብቅ።

ሌላም ልብ በል። በጦርነቱ ጊዜ፣ በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ፣ ቆቦ ገበያዋ ተናግቶ ነበር። እንዲህ ዋጋ ያልተመዘገበባቸውን ወራት ግራፍ ሠሪው በቀጥታ መስመር ያያይዛቸዋል። ለወራት ሳይነቃነቅ የሚሄድ መስመር ካየህ ዋጋው የረጋ አይምሰልህ፤ መረጃ የለም ማለት ሊሆን ይችላል። ያን ዓመት ከስሌትህ አውጣው። ግራፉም አንተ የምትገዛውን የማሽላ ዓይነት ዋጋ የያዘ መሆኑን ጠይቅ፤ ነጩና ቀዩ ዋጋቸው አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ስድስቱ ኩንታል እንመለስ። እስከ ጥር የምትበላው ሁለት ኩንታል ከሆነ፣ እሱን ዛሬ ግዛ፤ ያንን መጠበቅ አይቻልም። አራቱን ብታቆይና ዋጋው እንደ ልማዱ ቢወርድ 2,500 ብር ታተርፋለህ። ከመቶ አሥር እጅ ቢወጣ ግን 2,000 ብር ትከስራለህ። ትርፉና ኪሳራው ተቀራራቢ ስለሆነ፣ የሚወስነው የትኛው የመሆን ዕድሉ ይበልጣል የሚለው ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ወደ ማሳ ውረድ። ዛላው ፍሬ ይዞ ከከበደ አራቱን አቆይ፤ ገለባ ከሆነ ዛሬውኑ ግዛ፣ ነቀዝ እንዳይገባበትም በደንብ አድርቀህ አየር በማያስገባ ከረጢት አስቀምጠው።