የአያቴ ንቅሳት

እህቴ በ1984 ዓ.ም. ስታገባ የተቀረጸውን የቪዲዮ ካሴት ወደ ኮምፒዩተር ገልብጬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አጸዳሁት። ምስሉ ጠራ፣ አራት እጥፍ አደገ። እናቴ ግን አይታው፣ «ይቺ እናቴ አይደለችም» አለችኝ።

አያቴ አንገት ላይ የነበረው ንቅሳት ጠፍቷል። ፕሮግራሙ ደብዛዛውን መስመር ከካሴቱ ጉድፍ ጋር ደምሮ ጠርጎታል። ፊቷ በዋናው ምስል ላይ 60 ነጥብ ያህል ስፋት ብቻ ነበረው፤ የጎደለውን ፕሮግራሙ ከተማረባቸው የሌሎች ሰዎች ፊቶች ሞላው። በሴኮንድ 25 የነበረውን ምስል 60 ለማድረግ በመካከል የፈጠራቸው ምስሎች ደግሞ እስክስታ ላይ ትከሻዋን እንደ ሊጥ ጎተቱት።

ካሴቱስ ፊቷን አላደበዘዘውም ወይ? አደብዝዟል። ነገር ግን ካሴቱ ያልያዘውን ነገር ደብዛዛ አድርጎ ይተወዋል፤ ፕሮግራሙ ያላየውን እንዳየ ሆኖ ይነግረናል። ሐሰቱን ያወቅነው እናቴ በሕይወት ስላለች ነው። ልጆቼ በምን ያውቁት ነበር?

እንደገና ጀመርኩ። የጉድፍ ማጥሪያውን ዝቅ አደረግሁ፣ የፊት ማሻሻያውን ዘጋሁ፣ ተጨማሪ ምስሎቹን ተውኩ። ከዋናው ግልባጭ ጎን እያቆምኩ አስተያየሁት። ንቅሳቱ ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ። እናቴ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ዓይኗን አጥብባ ታየዋለች።