የዓመት ዕረፍት ፈቃድ ማመልከቻ አጻጻፍ

የፈቃድ ማመልከቻ የሚጽፍ ወጣት ሠራተኛ ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው ነገር ደብዳቤው በአንድ ሰው እጅ የማይቀር መሆኑን ነው። ማመልከቻው መጀመሪያ መዝገብ ቤት ገብቶ ይመዘገባል፤ ቀጥሎ ለኃላፊው ይቀርብና ኃላፊው በኅዳጉ ላይ አጭር ትእዛዝ ጽፎ ወደሚመለከተው ክፍል ይመራዋል፤ ጉዳዩ ሲጠናቀቅም ከሠራተኛው የግል ማኅደር ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። ከእነዚህ አንባቢዎች አብዛኞቹ አመልካቹን በዓይን አያውቁትም፤ ቆመው ሊጠይቁትም አይችሉም። የአማርኛ መሥሪያ ቤታዊ ደብዳቤ ቁጥር፣ ቀን፣ ተቀባይ፣ ጉዳይ፣ ሐተታና መዝጊያ ተብሎ በቋሚ ሥርዓት የተደራጀው እያንዳንዱ እጅ የሚፈልገውን ሳይቸገር እንዲያገኝ ነው።

በራስጌው በስተቀኝ በኩል የሚሰፍሩት ቁጥርና ቀን ናቸው። ቁጥር የሚባለው ደብዳቤውን ያወጣው መሥሪያ ቤት በወጪ መዝገቡ የሚሰጠው መለያ ስለሆነ፣ ግለሰብ አመልካች ከራሱ ፈጥሮ ቁጥር መጻፍ አይገባውም። የእርሱ ማመልከቻ ቁጥር የሚያገኘው መዝገብ ቤት ተቀብሎ የገቢ ማኅተም ሲያሳርፍበት ነው፤ አመልካቹም ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ በቀሪው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፎ ቢይዝ፣ በኋላ «ማመልከቻ አልደረሰንም» የሚል መልስ ቢመጣ መከራከሪያ ይኖረዋል። ቀኑን ግን ራሱ ይጽፋል፤ ወሩ በቃል፣ ዕለቱና ዘመኑ በአኃዝ ሆኖ «ዓ.ም.» ይታከልበታል። መሥሪያ ቤቱ በፈረንጆች አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ማስቀደም የግድ ነው፤ አለዚያ አንዱ ቀን በሁለት የተለያዩ ዕለታት ሊተረጎም ይችላል።

ተቀባዩ በስተግራ ይጻፋል። ጥያቄው የሚቀርበው ለሥልጣኑ እንጂ ለሰውዬው ስላልሆነ፣ የኃላፊው ስም ሳይሆን የመምሪያው ወይም የሥራ ክፍሉ መጠሪያ ይሰፍራል፤ ከሥሩም የከተማው ስም ተሰምሮበት ይቀመጣል። ኃላፊው ቢቀየር እንኳ ደብዳቤው ባለቤት አያጣም። ከተቀባዩ ቀጥሎ በመስመሩ መካከል የሚሰፍረው «ጉዳዩ» መዝገብ ቤቱ ወደ መዝገቡ የሚገለብጠው ሐረግ በመሆኑ አጭርና የተለየ መሆን አለበት። «ፈቃድን ይመለከታል» ብሎ የሚተው አመልካች የዓመት ዕረፍት ይሁን የሕመም፣ የጋብቻ ይሁን የሐዘን ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑን ስላልገለጸ፣ ደብዳቤው ወደ ተሳሳተ ጠረጴዛ የመሄድ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሐተታው ሦስት ነገር ብቻ ይፈልጋል፤ አመልካቹ ማን እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደሚገባውና ከመቼ እስከ መቼ እንደሚጠይቅ። ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የቤተሰብ ታሪክና የድካም መግለጫ ያበዙና ቀኑን «ለሁለት ሳምንት ያህል» ብለው ያልፋሉ። የዓመት ዕረፍት በሕግ የተሰጠ መብት በመሆኑ ምክንያት አይጠይቅም፤ ቀኑ ግን በትክክል መቆጠር አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው ለመጀመሪያው አንድ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያ በኋላ ለሚጨመር እያንዳንዱ ሁለት ዓመት ደግሞ አንድ ተጨማሪ የሥራ ቀን ያገኛል፤ አምስት ዓመት የሞላው ሠራተኛ እንግዲህ 18 የሥራ ቀናት ይኖሩታል ማለት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ አዋጅ ስለሚተዳደር የራሱን ሕግ አይቶ መቁጠር ይኖርበታል።

ከሰኞ እስከ ዓርብ በሚሠራ የግል ድርጅት አምስት ዓመት ያገለገለ የሂሳብ ሠራተኛ በ2018 ዓ.ም. ከ18ቱ 10ሩን ለመውሰድ ፈልጎ ከሰኞ የካቲት 16 ቢነሣ፣ እስከ ዓርብ የካቲት 20 ድረስ አምስት ቀን ይቆጠራል። ሰኞ የካቲት 23 የዓድዋ ድል በዓል ስለሆነ አይቆጠርም፤ ከማክሰኞ የካቲት 24 እስከ ዓርብ የካቲት 27 አራት ቀን ይሆናል፤ አሥረኛው ቀን ሰኞ የካቲት 30 ላይ ይውላል። በሥራ ገበታው የሚገኘው እንግዲህ ማክሰኞ መጋቢት 1 ነው። በዓሉን ሳያስተውል የቆጠረ አንድ የዕረፍት ቀኑን በከንቱ ያጣል። ማመልከቻው እንዲህ ይነበባል፦

ቀን፦ የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሰው ኃይል አስተዳደር መምሪያ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የዓመት ዕረፍት ፈቃድ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

በድርጅቱ የፋይናንስ ክፍል በሂሳብ ሠራተኛነት በማገልገል ላይ እገኛለሁ። ለዘንድሮ ከሚገባኝ 18 የሥራ ቀናት የዓመት ዕረፍት ውስጥ 10ሩን ከየካቲት 16 እስከ የካቲት 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ለመጠቀም ስለፈለግሁ፣ ቀሪው 8 ቀን በሌላ ጊዜ እንዲሰጠኝ ሆኖ ፈቃዱ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
የአመልካች ስምና ፊርማ

የቀሪው ቀን መጠቀስ ከንቱ ጌጥ አይደለም። አዋጁ ሠራተኛው ሲጠይቅና አሠሪው ሲስማማ ዕረፍቱ በሁለት ተከፍሎ እንዲሰጥ ስለሚፈቅድ፣ ጥያቄው በጽሑፍ መቅረቡ በኋላ ስለቀሩት ቀናት የሚነሣውን ክርክር ያስቀራል። መዝጊያውም የራሱ ወግ አለው፤ የበታች ለበላይ ሲጽፍ «ከማክበር ሰላምታ ጋር» ይላል፤ እኩያ ለእኩያ ወይም መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው ሲጽፍ «ከሰላምታ ጋር» ይበቃል። በማመልከቻ ላይ «በአስቸኳይ እንድትፈጽሙ እናሳስባለን» የሚለውን የበላይ አካል ቃል መዋስ ነውር ነው። የሐኪም ወይም ሌላ ማስረጃ ካለ «አባሪ» ተብሎ የገጹ ብዛት ይጠቀሳል፤ ለቅርብ ኃላፊው እንዲደርስ የሚፈለገው ደግሞ ከፊርማው በታች በ«ግልባጭ» ሥር ይሰፍራል።

መልሱ በመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሲመጣ ቁጥርና ማኅተም ይኖረዋል። አብዛኛውን ጊዜ «የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. በተጻፈ ማመልከቻ የዓመት ዕረፍት መጠየቅዎ ይታወሳል» ብሎ ይጀምርና፣ «ስለሆነም ... የተፈቀደልዎ መሆኑን እንገልጻለን» ብሎ ይፈጽማል። ሠራተኛው ይህን ደብዳቤ ሲቀበል የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀኖቹን ከጠየቀው ጋር ማመሳከር አለበት፤ የካቲት 30 በስሕተት 27 ተብሎ ቢጻፍ በመዝገብ የሚጸናው ቀን በደብዳቤው ላይ የሰፈረው ነውና። ፈቃዱ እንዲተላለፍ ቢወሰንም መልሱን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል፤ በአዋጁ መሠረት የተላለፈ ዕረፍት ከሁለት ዓመት በላይ ሊቆይ ስለማይችል፣ ደብዳቤው ጊዜው የሚቆጠርበት ማስረጃ ይሆናል።

ኃላፊው በቃል «እሺ፣ ሂድ» ማለቱ ፈቃድ አይሆንም። ስለዚህ ማንም ወጣት ሠራተኛ የተፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት የፈቃድ ደብዳቤ እጁ ሳይገባ ከሥራ ገበታው አይነሣ።